ከውሃ ወደ ሳይክል፣ ከሳይክል ወደ ሩጫ፦ የትራያትሎን ሽግግር ደቂቃችሁን የት እንደሚበላ

እሁድ ጠዋት ሐዋሳ ላይ አብረን የምንለማመድ ልጆች አሉ። አዲስ የሚመጣ ሁሉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ዋናዬ አይከፋም፣ ሳይክል ላይም ደህና ነኝ። ታዲያ እኩል ከምዋኘው ልጅ በ3 እና በ4 ደቂቃ የምቀረው የት ጋ ነው?» ይላል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ዋናው ላይ የለም፣ ሳይክሉ ላይም የለም። መሀል ላይ ነው። ትራያትሎን ውስጥ ሰዓቱ ከዋናው መነሻ እስከ ሩጫው መጨረሻ አንዴም አይቆምም። ጫማ ስታስሩም ይቆጥራል፣ ፎጣ ስትፈልጉም ይቆጥራል። ከዋና ወደ ሳይክል የምትሻገሩበት አንደኛው ሽግግር ነው፤ በውጤት ሰሌዳ ላይ ቲ1 ተብሎ ይጻፋል። ከሳይክል ወደ ሩጫ ያለው ሁለተኛው ሽግግር ነው፤ እሱ ቲ2 ነው።

እዚህ የምጽፈው ለአጭሩ ርቀት ነው። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ጀማሪ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ርቀቱ አጭር በመሆኑም በሽግግር የጠፋች ደቂቃ ይበልጥ ትጎዳለች።

በመጀመሪያ አንድ ሰው እንቁጠር

ከልጆቹ አንዱን በስልክ ቀረጽነው። የዋናው ልምምድ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ነበር። 25 ሜትር ገንዳ ስለሆነ 30 ጊዜ ዋኝቶ ወጣ። ሳይክሉ ግቢው ውስጥ ካለ የብረት ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ከግቢው በር ጀምሮ ሳይክሉ ላይ እስከሚወጣበት መስመር ድረስ 4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ፈጀበት። ማታ ቁጭ ብለን ቪዲዮውን እያቆምን ቆጠርነው።

ሳይክሉን እስኪያገኝ 20 ሰከንድ። በፎጣ ሲደራረቅ 35። እርጥብ ገላው ላይ ካናቴራ ሲጎትት 40። መሬት ተቀምጦ ካልሲ ሲያደርግ 55። ጫማ አድርጎ ክር ሲያስር 40። የሄልሜቱ ማንገቻ ተጠማዞበት ሲያስተካክል 20። ቆሞ ውሃ ሲጠጣ 20። ሳይክሉን እየገፋ እስከ መስመሩ ሲሮጥ 15።

እጁ ቀርፋፋ አልነበረም። ሲቸኩል በደንብ ይታያል። ችግሩ መሥራት የሌለበትን ሥራ ይሠራ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት «ፍጠን» አላልነውም። አራት ነገር ብቻ አስቀረን፦ ፎጣውን፣ ካናቴራውን፣ ካልሲውን፣ ቆሞ መጠጣቱን። እነዚህ ሲደመሩ 150 ሰከንድ ናቸው። የቀረው 95 ሰከንድ ሆነ።

ከዚያ የጫማውን ክር በላስቲክ ቀየርን፤ ከ40 ወደ 16 ወረደ። የሳይክሉን ቦታ አስቀድሞ ሄዶ አየ፤ ከ20 ወደ 8። ሄልሜቱን በትክክል አስቀመጠ፤ ከ20 ወደ 10። የተወዳዳሪ ቁጥሩ ድሮ ካናቴራው ላይ ነበር የሚለጠፈው፣ አሁን በቀበቶ ስለሆነ 6 ሰከንድ ጨመረ። ድምሩ 55 ሰከንድ ነው።

3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አተረፈ ማለት ነው። ይህንኑ ሳይክል ላይ ለማግኘት ቢፈልግስ? 20 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይነዳል። 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ለመቀነስ ፍጥነቱ ወደ 32.6 ገደማ መውጣት አለበት። ያ የወራት ልምምድ ነው። የላስቲኩ ሥራ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሳይክልና ሄልሜት። ሄልሜቱ መቆለፊያው የሚሠራ፣ ማንገቻው በልካችሁ የተስተካከለ ይሁን።
- የሩጫ ጫማ። ፔዳላችሁ ተራ ከሆነ ለሳይክሉም ለሩጫውም ይኸው አንዱ ይበቃል።
- ሁለት ቁራጭ ቀጭን ክብ ላስቲክ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ገደማ። የልብስ ስፌት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ታገኛላችሁ።
- ለቁጥር ቀበቶ የሚሆን ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ ከአሮጌ ቦርሳ የተፈታ የፕላስቲክ መቆለፊያ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ።
- ስትዋኙም፣ ስትነዱም፣ ስትሮጡም የማይወልቅ ጠበቅ ያለ ልብስ።
- ቫዝሊን።
- አንድ አሮጌ ትንሽ ፎጣ። ለመቆሚያ እንጂ ለመድረቂያ አይደለም።
- የዋና መነጽርና ኮፍያ፣ የውሃ ኮዳ።
- ለልምምድ፦ ባልዲ ውሃና የሚቀርጽ ስልክ።

የውጭ ቪዲዮ ያየ ሰው ስለ ላስቲክ የዋና ልብሱ ይጠይቀኛል። ያ ለቀዝቃዛ ውሃ ነው። እኛ አያስፈልገንም፤ አውልቆ የመታገሉ ጣጣም ቀረልን።

ከአንድ ቀን በፊት የሚሠራ

1. የጫማውን ክር አውጥታችሁ ላስቲኩን አስገቡ። ጫማውን አድርጋችሁ ቁሙና ሳይጠብቅ፣ ሳይላላም እስኪይዝ ድረስ ሳቡት። ከዚያ ጫፉን ቋጥሩ። እጅግ አጥብቃችሁ ከቋጠራችሁት ሩጫው ላይ የእግራችሁ ጀርባ ይደነዝዛል። ሲላላ ደግሞ ተረከዛችሁ ከጫማው ይወጣል። ትክክል መሆኑን የምታውቁት ሳትቀመጡ በአንድ እጅ ጫማውን ስባችሁ እግር ሲገባና 200 ሜትር ስትሮጡ ተረከዙ ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው።

2. ከጫማው ጀርባ፣ ተረከዝ የሚገባበት ላይ፣ ትንሽ ገመድ ወይም ጨርቅ ሰፍታችሁ ጆሮ አውጡለት። እርጥብ እግር ጫማውን ወደ ውስጥ አጥፎ ይረግጠዋል። ጆሮውን ስትስቡት ግን አይታጠፍም።

3. ቫዝሊን ተረከዙና አውራ ጣቱ የሚነካበት የጫማው ውስጥ ቀቡ። ካልሲ የምታስቀሩት በዚህ ነው። ግን መጀመሪያ በልምምድ 5 ኪሎ ሜትር ያለ ካልሲ ሩጡና እዩ። የሚቆስልባችሁን ቦታ አውቃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ ትጨምራላችሁ። ከቆሰላችሁ ግን ካልሲውን አድርጉ። ቁስል ሩጫው ላይ ከካልሲው በላይ ጊዜ ይበላል። በዚያ ጊዜ ካልሲውን እስከ ጣቱ ጠቅልላችሁ ጫማው አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ጣታችሁን አስገብታችሁ መዘርጋት ብቻ ይቀራችኋል።

4. የቁጥር ቀበቶውን ሥሩ። ላስቲኩን በወገባችሁ ልክ ቆርጣችሁ ሁለቱ ጫፍ ላይ መቆለፊያውን ስፉ፤ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ አንጠልጥሉበት። ሳይክል ላይ ቁጥሩ ከኋላ፣ ሩጫ ላይ ከፊት መታየት አለበት። ቀበቶ ከሆነ በእጃችሁ ታዞሩታላችሁ፤ ካናቴራ ላይ የተለጠፈ ግን አይዞርም።

ጠዋት፣ ከመጀመሩ በፊት

5. መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። ከውሃው መውጫ እስከ ሳይክላችሁ፣ ከሳይክላችሁ ሳይክል ላይ እስከሚወጣበት የመወጣጫ መስመር፣ ከሳይክል ከሚወረድበት የመውረጃ መስመር እስከ ሳይክሉ ቦታ፣ ከዚያ እስከ ሩጫው መውጫ። አራቱንም። መስመር ቁጠሩ፦ «ከመግቢያው ሦስተኛው ማንጠልጠያ፣ ከግራ አምስተኛው»። የማይንቀሳቀስ ምልክትም ያዙ፤ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ሊሆን ይችላል። «ከቀዩ ሳይክል አጠገብ» ብላችሁ አትያዙ፤ ቀዩ ሳይክል እናንተ ስትመጡ ሄዷል። ፊኛ ወይም ባለ ቀለም ጨርቅ ማንጠልጠልም በውድድር ሕግ ክልክል ነው፤ ያነሱታል።

ይህን እርምጃ ሰው ይዘለዋል። ቆሞ ሲያይ ቦታው ግልጽ ነው። ከውሃ ሲወጣ ግን ትንፋሹ ተቆርጧል፣ ዓይኑ በመነጽሩ ተጨፍልቋል፣ ጆሮው ውሃ ይዟል፣ ከፊቱ ያለው ሁሉም ሳይክል አንድ ይመስላል።

6. ሳይክሉን ቀላል ማርሽ ላይ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። ከባድ ማርሽ ላይ ከተተወ መስመሩን አልፋችሁ ስትወጡ ፔዳሉ እምቢ ይላል፤ ትንገዳገዳላችሁ፣ አንዳንዱ ይወድቃል። ከመስቀላችሁ በፊት ጎማውንም በጣት ጫን አድርጋችሁ እዩት።

7. ሄልሜቱን ገልብጣችሁ መሪው ላይ አስቀምጡ። ውስጡ ወደ ላይ፣ ግንባሩ ወደ እናንተ፣ ሁለቱ ማንገቻዎች ወደ ውጭ ተዘርግተው። የቁጥር ቀበቶው ሄልሜቱ ውስጥ ይግባ። በዚህ አቀማመጥ ሁለት እጃችሁን ማንገቻዎቹ ላይ አድርጋችሁ አንዴ ስታነሱትና ስትገለብጡት ራሳችሁ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ቀበቶው ከላይ ስላለ ሳትፈልጉም መጀመሪያ እጃችሁ የሚነካው እሱን ነው። መርሳት የማይቻልበት ቦታ ነው።

8. ጫማውን ከሳይክሉ አጠገብ መሬት ላይ፣ አፉን ከፍታችሁ፣ ምላሱን ወደ ፊት ስባችሁ አስቀምጡ። አሮጌውን ፎጣ ከፊቱ ዘርጉት። ፎጣው ላይ ስትቆሙ ከእግራችሁ በታች ያለው አሸዋ ይራገፋል። ሐይቅ ዳር ከሆነ ኮዳ ውሃ አስቀምጡና እግራችሁ ላይ አፍስሱበት፤ 3 ሰከንድ ነው። የሐይቅ ዳር አሸዋ ጫማ ውስጥ ገብቶ ከቀረ 5 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ቆዳችሁን ሲሞርድ ነው የሚውለው።

አንደኛው ሽግግር፦ ከውሃ ወደ ሳይክል

9. የመጨረሻዎቹን 50 ሜትር እግራችሁን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ስትዋኙ ተኝታችሁ ነው፤ ደሙም ባብዛኛው ወደ ክንድ ነው የሚሄደው። ድንገት ስትቆሙ ራሳችሁን ያዞራችኋል። እግር አስቀድሞ ሲሠራ ደም ወደ ታች ይመጣል፣ መነሳቱም ይቀላል። ሐይቅ ከሆነ እጃችሁ መሬቱን እስኪነካ ድረስ ዋኙ። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ መራመድ ከመዋኘት ይዘገያል።

እዚሁ ላይ ቅደም ተከተሉን በልባችሁ በሉት፦ ቁጥር፣ ሄልሜት፣ ጫማ፣ ሳይክል። አራት ቃል ናቸው። አእምሮ ሲደክም ማሰብ አይችልም፤ የተሸመደደ ነገር ግን ይወጣለታል።

10. ከውሃው ስትወጡ መነጽሩን ወደ ግንባራችሁ ግፉትና ሩጡ። ኮፍያውንና መነጽሩን እየሮጣችሁ አንድ ላይ አውልቁ። ሳይክሉ ጋ ደርሳችሁ ቆማችሁ የምታወልቁት ከሆነ ቆማችሁ ያጠፋችሁት ጊዜ ነው። የሚዞርባችሁ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ተራመዱ። መውደቅ ይበልጥ ያዘገያል።

11. ሳይክሉ ጋ ስትደርሱ ቀበቶውን ቆልፉ። ከዚያ ሄልሜቱን አድርጉና ጠቅ እስኪል ቆልፉት። ሳይክሉን ከመንካታችሁ በፊት ነው። በሕጉ ሳይክሉ ከማንጠልጠያው በሚወርድበት ጊዜ ሄልሜቱ መቆለፍ አለበት። ዳኛ ካየ ያስቆማችኋል ወይም ጊዜ ይቀጣል። ስለዚህ «ሄልሜት ሳይቆለፍ ሳይክል አይነካም» የሚለውን በልምምድም አትስበሩት። በልምምድ ያፈረሰ በውድድርም ያፈርሰዋል።

12. ጫማውን ቆማችሁ አድርጉ። አንድ እጅ ማንጠልጠያውን ይይዛል፣ አንድ እጅ የጫማውን ጆሮ ይስባል። አትቀመጡ። ተቀምጦ መነሳት ብቻውን ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። የተቀመጠ ሰው ይዝናናል። ቪዲዮ ላይ ስታዩት ቀና ብሎ ሰው ያያል፣ እግሩን ያብሳል፣ ካልሲ ያስተካክላል።

13. ሳይክሉን አውርዳችሁ በግራ በኩል ቆማችሁ እየሮጣችሁ ግፉት። በግራ በኩል ካቴናው የለም፤ እግራችሁን አይነካም። ጀማሪ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ኮርቻው ላይ ያድርግ። ሳይክሎቹ በተሰቀሉበት የሽግግር ግቢ ውስጥ ሳይክል ላይ መውጣት ክልክል ነው።

14. የመወጣጫውን መስመር ሙሉ በሙሉ ካለፋችሁ በኋላ፣ ትንሽ ወደ ዳር ወጣ ብላችሁ፣ ውጡ። መስመሩ ላይ ሁሉም ሰው ተጨናንቆ ስለሚቆም ከኋላ የሚመጣ ይገጫችኋል። ወጥታችሁ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ በቀላል ማርሽ ንዱ። ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ ጠጡ። ያ ውሃ ሰዓት አይወስድባችሁም።

ስለ ሳይክል ጫማ አንድ ነገር

ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፈውን ጠንካራ ጫማ ገዝቶ የመጣ ልጅ ወዲያው መጠቀም ይፈልጋል። ለ20 ኪሎ ሜትር ጀማሪ በተራ ፔዳልና በሩጫ ጫማ ቢነዳ ብዙ ጊዜ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። በመቆለፊያው ጫማ ግቢው ውስጥ መሮጥ ያንሸራትታል። ሁለተኛው ሽግግር ላይም አውልቆ ሌላ ማድረግ አለበት። በሩጫ ጫማ የነዳ ሰው ግን ሁለተኛው ሽግግር ላይ የጫማ ሥራ ጭራሽ የለውም።

ጎበዞቹ ጫማውን ፔዳሉ ላይ ቆልፈው፣ በቀጭን ላስቲክ ቀጥ አድርገው አስረው፣ ባዶ እግራቸውን ዘለው ሲወጡ አይታችሁ ይሆናል። ላስቲኩ ሲነዱ ይበጠሳል፣ እግራቸውንም እየነዱ ያስገባሉ። ያምራል። ግን ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሞ ያልተለማመደ ሰው ውድድር ላይ ቢሞክረው ወይ ጫማው ይወድቅበታል ወይ ራሱ ይወድቃል።

ሁለተኛው ሽግግር፦ ከሳይክል ወደ ሩጫ

15. የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር ማርሹን ቀለል አድርጋችሁ እግራችሁን ቶሎ ቶሎ አዙሩ። ከኮርቻው ተነስታችሁ ባታችሁንና ወገባችሁን ዘርጉ። በከባድ ማርሽ እየገፋ የመጣ እግር ሩጫው ላይ ሲሚንቶ የታሰረበት ይመስላል። የሩጫውን መውጫም እዚሁ ላይ አስቡት።

16. ከመውረጃው መስመር 100 ሜትር ሲቀር ፍሬን መያዝ ጀምሩ፤ ከመስመሩ በፊት እግራችሁ መሬት ይንካ። ብዙ ሰው ሰከንድ አገኛለሁ ብሎ እስከ መስመሩ ድረስ ይነዳና መስመሩን ያልፋል። ቅጣቱ ካተረፈው ይበልጣል።

17. ሳይክሉን እየገፋችሁ ወደ ቦታችሁ ሩጡ። መጀመሪያ ስቀሉት፣ ከዚያ ሄልሜቱን ፍቱ። የአንደኛው ሽግግር ሕግ ተገልብጦ ማለት ነው። ሳይክሉ ሳይሰቀል ሄልሜት መፍታት አይቻልም። የእኛ ልጆች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሰው እንደወረደ አገጩ ሥር ያለውን መቆለፊያ ይፈታል፤ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ከሠፈር ዙሪያ ስትመለሱም መጀመሪያ ሳይክሉን አስደግፉ፣ ከዚያ ፍቱ። እጁ ሌላ ልማድ ይያዝ።

18. ሄልሜቱን ቦታችሁ ላይ ተዉትና ሂዱ። ቁጥሩን እየሮጣችሁ ወደ ፊት አዙሩ። ኮፍያ የሚያደርግ ሰውም በእጁ ይዞ ይውጣና እየሮጠ ያድርግ።

19. የመጀመሪያዎቹን 400 ሜትር እርምጃችሁን አሳጥሩ። እግር የሳይክሉን ዙር እንደያዘ ነው፤ ረጅም እርምጃ ስትሞክሩ ባት ይያዛል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል።

የሩጫ ጫማውን አድርጎ የነዳ ሰው ይህን ሽግግር ከሰቀላ እስከ መውጫው በ20 እና በ30 ሰከንድ መሀል ይጨርሰዋል። ከደቂቃ በላይ ከወሰደባችሁ መፍጠን አይደለም የሚጎድላችሁ፤ የሆነ ትርፍ ሥራ ትሠራላችሁ። ቪዲዮውን እዩት።

ብዙ ጊዜ የሚበሉ ስህተቶች

ልብስ መቀየር። እርጥብ ገላ ላይ ካናቴራ አይንሸራተትም፤ ይጠቀለላል፣ ብብት ላይ ይያዛል። እንደገና ለማውጣት ሌላ 20 ሰከንድ ነው። መፍትሔው ጠበቅ ያለውን ልብስ ለብሶ መዋኘት ነው። ስትነዱ ነፋሱ ያደርቀዋል። «ይበርደኛል» ለሚሉኝ፦ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሳይክል ላይ በርዶት ያቆመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ካልሲና ክር። ከላይ ብለነዋል። ሁለቱ ተደምረው የልጁን 95 ሰከንድ ወስደዋል።

ቦታ መጥፋት። በልምምድ አይታይም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ያንድ ሰው ሳይክል ነውና። ብዙ ሳይክል ሲደረደር ግን አንድ መስመር ስቶ መመለስ ቀላል ነው። ሳይክላችሁ በሌለበት መስመር እየተመላለሳችሁ ልባችሁ መምታቱ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም ታበላሻላችሁ።

ዕቃ መብዛት። ጓንት፣ ሁለተኛ ፎጣ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ሙዝ፣ የፀሐይ ቅባት። መሬቱ ላይ የተዘረጋ ሁሉ ዓይን ይይዛል፣ «ይህንንስ?» ያስብላል። ቅባቱን ከዋናው በፊት ተቀቡ። ሙዙን ከመነሳታችሁ በፊት ብሉት። ለዚህ ርቀት ኮዳ ውሃ ይበቃል።

ቅደም ተከተል መቀያየር። ጫማ አድርጎ፣ ሳይክል አውርዶ፣ ሄልሜቱን ሲያስታውስ ሳይክሉን መልሶ መስቀል አለበት። ሁለት ጊዜ ሠራው ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ

ልምምዱን ሐይቁ ውስጥ ለማድረግ አትቸኩሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። ልምምድ የምንወድበት ሰዓት ደግሞ ንጋት ነው። ጀልባ የሚቀዝፉትንና ዓሣ አጥማጆቹን ሳይጠይቅ፣ ብቻውን፣ ጎሕ ሲቀድ ማንም አይግባ።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ሐይቁ ላይ አለ። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው፤ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳር ውሃ ይኖራል። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ከውሃ ወጥቶ በፎጣ መታሸት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ሐይቁ ውስጥ የገባችሁ ካላችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። እኔ ልጆቹን በገንዳ ነው የማለማምዳቸው።

ሦስተኛ፣ ሳይክል ላይ መውጣትና መውረድ አስፋልት ላይ አትለማመዱ። ባጃጅ ድንገት ዳር ይይዛል። ባዶ ሜዳ ወይም ግቢ ፈልጉ። ረጅሙን የሳይክል ጉዞ ከከተማው ወጥታችሁ፣ ከጥቁር ውሃ ወዲያ፣ በጠዋት ጨርሱት።

ያለ ገንዳ፣ በባልዲ ልምምድ

ገንዳ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ሽግግሩን ለመለማመድ ግን መዋኘት ግድ አይደለም። ሁለት ነገር ይበቃል፦ እርጥብ ገላና የተቆረጠ ትንፋሽ።

ሳይክሉን ግቢ ውስጥ አጥር ላይ አስደግፉ፣ ዕቃውን ከላይ እንዳልኩት አሰናዱ። መስመር በኖራ ወይም በገመድ ምልክት አድርጉ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ቅረጹ። ከዚያ ለ2 ደቂቃ በኃይል ሩጡ። ስትመለሱ ባልዲውን ራሳችሁ ላይ፣ እግራችሁም ላይ አፍስሱ። ወዲያው ጀምሩ። ደረቅ ሆኖ የተለማመደ ሰው ጫማው እርጥብ እግር ላይ እንዴት እንደሚይዝ አያውቅም፤ ውድድሩ ላይ ነው የሚደርስበት።

በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ድገሙት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር በዝግታ፣ ቅደም ተከተሉን ጮክ እያላችሁ ሥሩ። ሦስተኛው ላይ ፍጥነት ጨምሩ። በየዙሩ ሰዓት ብቻ አትያዙ፤ የቆማችሁበትን ቁጠሩ። ቪዲዮው ላይ እጃችሁ ምንም ሳይሠራ የቆየበት ሰከንድ ካለ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላወቃችሁም ማለት ነው። ያ ቦታ ላይ ያለውን ዕቃ አንሡት ወይም ቦታውን ቀይሩት።

አምስተኛው ዙር ከሁለተኛው የፈጠነ ካልሆነ፣ መጀመሪያ የጫማውን ላስቲክ እዩ። በውሃ ሲርስ ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ይንሸራተታል። ደርቡና ቋጥሩት።